ክሬቲኒኗ 1.1 ነው፣ ታዲያ መድኃኒቱ ለምን በዛባት?

ሰሞኑን አንድ የጤና መድረክ ላይ የተከፈተ ክር ስከታተል ሰነበትኩ። ጥያቄው አጭር ነበር። የላብራቶሪው ወረቀት የእናቴ ኩላሊት ደህና ነው ይላል፣ ፋርማሲስቱ ግን መድኃኒቱ ከኩላሊታቸው አቅም በላይ ነው ይላል፣ ማንን ልመን? መልሶቹ ብዙ ናቸው፤ ከፊሉ ቁም ነገር፣ ከፊሉ ጭቅጭቅ። በተራቸው ልንገራችሁ፤ የማይረባውን እየዘለልኩ።

ጠያቂዋ ደሴ ነው የምትኖረው። እናቷ 78 ዓመታቸው ነው፣ ክብደታቸው 45 ኪሎ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና የሚያሸናውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ መውሰድ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። በቅርቡ አልማዝ ባለጭራ ወጣባቸው። ቁስሉ ደረቀ፣ ሕመሙ ግን ጎናቸው ላይ ቀረ። ሐኪሙ ጋባፔንቲን 300 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ አዘዘላቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደህና ነበሩ፤ እንዲያውም እንቅልፍ አገኙ። ወደ ሁለተኛው ሳምንት ግን ቀን ቀን ማንቀላፋት ጀመሩ። ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ። እጃቸው ሳያስቡት ብድግ እያለ ስኒ ይደፋባቸዋል። አንድ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ወደቁ፤ ደግነቱ አጥንት አልተሰበረም። ልጅቷ መድኃኒቱ አልቆ ድጋሚ ልትገዛ ስትሄድ ፋርማሲስቱ የእናቷን ዕድሜና ክብደት ጠየቃት። ከዚያ ይሄ መጠን በዝቷል፣ ለሐኪሙ ልደውል አላት። እሷም ወረቀቱን አወጣች፤ ክሬቲኒን 1.1፣ ከጎኑ ደግሞ መደበኛው ልክ ከ0.6 እስከ 1.2 ተብሎ ተጽፏል።

1ኛው መልስ ሰጪ ሳይውል ሳያድር ፈረደ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ቤት አይቀይርም፣ የእነሱ ሥራ መስጠት ነው አለ። 2ኛዋ ደግሞ በትሕትና፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ ብላ፣ በ78 ዓመት ማንቀላፋትም መንገዳገድም የዕድሜ ነው ስትል አጽናናቻት። ይሄ ማጽናኛ ነው የሚያስፈራኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቀጥ ብለው ይሄዱ የነበሩ ሰው በሁለት ሳምንት አያረጁም።

3ኛው ግማሽ እውነት ይዞ መጣ። ኩላሊቱ የደከመ ሽማግሌ ማንኛውንም መድኃኒት በግማሽ መውሰድ አለበት፣ እኛ ቤት እንደዚያ ነው የምናደርገው አለ። ብዙዎች ወደዱለት። ጦሱ በኋላ ይመጣል።

4ኛው መልስ ሐዋሳ ሆስፒታል ውስጥ ከሚሠራ ፋርማሲስት ነበር። እሱ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ኩላሊት ሳይሆን ስለ ጡንቻ ነው። እናትሽ ከድሮው ከስተዋል ወይ አላት። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፣ ኩላሊት ያስወግደዋል። ደም ውስጥ የሚታየው ቁጥር እንግዲህ የሁለት ነገር ውጤት ነው፤ ጡንቻው ስንት አመረተ፣ ኩላሊቱስ ስንት አስወጣ። ጡንቻቸው የሟሸሸ አሮጊት የሚያመርቱት ጥቂት ነው። ስለዚህ ኩላሊታቸው በግማሽ ቢደክም እንኳ ቁጥሩ ከልኩ ላያልፍ ይችላል። አንድ የ30 ዓመት ጎረምሳ 1.1 ቢኖረው ምንም አይደለም። የእሳቸው 1.1 ግን ሌላ ታሪክ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ልክ ሁለቱን አይለይም። ከዚያ እንዲህ ብሎ አሰላው፦

```
(140 − 78) × 45 × 0.85 ÷ (72 × 1.1) = 29.9
```

ከ140 ላይ ዕድሜ ይቀነሳል፣ በክብደት ይባዛል፣ ሴት ስለሆኑ በ0.85 ይባዛል፣ ከታች 72 በክሬቲኒኑ ተባዝቶ ያካፍላል። ውጤቱ ኩላሊት በደቂቃ የሚያጠራው ደም በሚሊ ሊትር ነው። የጤነኛ ወጣት ወደ 100 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። የእናትየው 30 ገደማ ነው።

5ኛው የጠያቂዋ ነበር፤ ደንግጣለች። ዲያሊሲስ ሊገቡ ነው እንዴ ብላ ጠየቀች። ፋርማሲስቱ 6ኛ ላይ አረጋጋት፤ ዲያሊሲስ ከዚህ በጣም ሩቅ ነው፣ ይሄ ስሌት የመድኃኒት መጠን ለመወሰን እንጂ የሞት ፍርድ ለመስጠት አይደለም አላት። ቀጥሎ ያለው ነው ለእኔ ክሩን ክር ያደረገው። ፋርማሲስት መጠን ሲያስተካክል መጀመሪያ የሚጠይቀው መድኃኒቱ በየት በኩል ይወጣል ብሎ ነው። ጋባፔንቲንን ጉበት አይነካውም። ሳይለወጥ፣ እንዳለ በኩላሊት ብቻ ነው የሚወጣው። ጤነኛ ኩላሊት ያለው ሰው ከዋጠው ውስጥ ግማሹን ከዋጠ በኋላ ከ5 እስከ 7 ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ያስወጣዋል። የኩላሊታቸው የማጥራት አቅም ከ30 በታች የወረደ ሰዎች ላይ ግን ያው ግማሽ ለመውጣት በአማካይ 52 ሰዓት ይፈጅበታል። እሳቸው በየ8 ሰዓቱ ይጨምሩበታል። መውጫው የጠበበ በርሜል ላይ ውሃ እንደማፍሰስ ነው። ደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ እያለ ሄዶ የሚረጋውም ከ10 ቀን በኋላ ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሳምንት ደህና የነበረው፤ ለዚህ ነው ማንም ከመድኃኒቱ ጋር ያላያያዘው። የእጁ ብድግ ብድግ ማለትም የመጠን መብዛት የታወቀ ምልክት ነው፤ እርጅና እጅ አያስፈናጥርም።

እዚህ ላይ ክሩ ይዘጋ ነበር፣ 7ኛው ባይመጣ። 7ኛው የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፣ ትንሽ ተቆጥቷል። ማሽናችን ትክክለኛውን ነው የለካው፣ ወረቀቱን አትውቀሱ አለ። ከዚያ ፋርማሲስቱ የተጠቀመው ቀመር ያረጀ ነው ብሎ ተነሳ። እውነቱን ነው፤ ኮክሮፍትና ጎልት የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። የሠሩትም 249 ሕመምተኞች ላይ ሲሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ያቺ 0.85 ሴቶችን ለክቶ የተገኘች አይደለችም፣ በግምት የገባች ናት አለ። እሱ በ2021 በወጣው አዲስ ቀመር ሲያሰላው 51 አገኘ። 51 ከሆነ ደግሞ 900 ሚሊ ግራሙ ምንም ችግር የለውም ብሎ ደመደመ።

ፋርማሲስቱ 8ኛ ላይ የመለሰው ጨዋነት ባይጎድለውም ትንሽ ይቆነጥጥ ነበር። 51 የሚለው ቁጥር ለአንድ ደረጃውን ለጠበቀ ሰውነት፣ ማለትም 1.73 ካሬ ሜትር የቆዳ ስፋት ላለው ሰው የተሰላ ነው። እናትየው ቁመታቸው ሜትር ከሃምሳ፣ ክብደታቸው 45 ኪሎ ነው። ወደ እሳቸው ሰውነት ሲመለስ 40 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ ጠብታ ደም ሦስት ቁጥር ወጣ፤ 51፣ 40 እና 30። የጋባፔንቲን የመጠን ሰንጠረዥ የተሠራው በአሮጌው ቀመር ነው፣ ስለዚህ በዚያው መለኪያ ነው የሚነበበው አለ። ሰንጠረዡ ከ30 እስከ 59 ላሉት በቀን ከ400 እስከ 1400 ሚሊ ግራም ለሁለት ተከፍሎ ይፈቅዳል። ከ15 እስከ 29 ላሉት ግን ከ200 እስከ 700፣ በቀን አንዴ ብቻ። 900 በአንዱ መስመር ይገባል፣ በሌላው ያልፋል።

9ኛው ስቶክሆልም የሚኖር ወንድማችን ነው። የአክስቴ ክሬቲኒን 97 ነው፣ እናንተ በ1.1 ትጨቃጨቃላችሁ ብሎ ጻፈ። 10ኛው ተሳለቀበት፤ 97 ያለው ሰው በሕይወት የለም አለው። 11ኛዋ ሁለቱንም ገላገለቻቸው። አውሮፓ ውስጥ በሌላ መለኪያ ነው የሚጻፈው፣ በ88.4 ሲካፈል ያው 1.1 ይሆናል አለች። የአክስትየውና የደሴዋ እናት ደም አንድ ነው ማለት ነው። የስቶክሆልሙ ሰው ስድቡን ትቶ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። እዚያ ሐኪሞቹ ሲስታቲን ሲ የሚባል ሌላ ምርመራም አዘውላታል። ይሄኛው እንደ ክሬቲኒን በጡንቻ ብዛት ላይ ስለማይመሠረት ለከሱ አረጋውያን የተሻለ ነው። ጠያቂዋ ከተማዋ ውስጥ ጠይቃ አላገኘችውም።

12ኛዋ ሜሪላንድ ያለች ፋርማሲስት ናት። ቀመሩ ላይ የሚደረገው ጭቅጭቅ አሰልቺ ነው ብላ ጀመረች። 29.9 እና 30 መካከል ያለው ልዩነት ምንም አይደለም፤ ስሌቱ ራሱ ግምት ነው። ድንበር ላይ ስትቆሙ መጠየቅ ያለባችሁ፣ ብሳሳት የትኛው ስሕተት ይከፋል ብላችሁ ነው አለች። ጋባፔንቲን ቢያንሳቸው ምን ይሆናል? ያማቸዋል፣ ይናገራሉ፣ በጥቂት ቀን ይጨመርላቸዋል። ቢበዛስ? ይወድቃሉ፣ ዳሌ ይሰበራል፣ በዚያ ዕድሜ ከአልጋ መነሳት ይቀራል። ስለዚህ ወደ ዝቅተኛው ማዘንበል ነው። 51ም 30ም ቢሆን መልሱ አንድ ነው፤ ምክንያቱም ምልክቱ ታይቷል፣ ሴትዮዋ ወድቀዋል። ቁጥር ሰውየውን አይሽርም።

ከዚያ ወደ 3ኛው ዞረች። ሁሉንም በግማሽ የሚለውን አትስሙ አለች፣ ይሄኛው ላይ ድምጿ ጠንከር ብሏል። አምሎዲፒንን ጉበት ነው የሚያስወግደው፣ በኩላሊት ምክንያት ብትቀንሱት ግፊቱ ይወጣል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። የመጀመሪያው መጠን የሚወሰነው መድኃኒቱ በሚሰራጭበት ሰውነት ስፋት እንጂ በኩላሊቱ አይደለም። ኩላሊቱ የሚወስነው ቀጣዩ መቼ ይሰጥ የሚለውን ነው። በከባድ ኢንፌክሽን ታሞ የገባ ሰው ኩላሊቱ የደከመው ብዙ ጊዜ በኢንፌክሽኑ ነው፤ በሁለት ቀን ሊመለስ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን የቀነሰ ሰው ጀርሙን ነው የጠቀመው። 13ኛው ይሄን ሲያነብ የአጎቱን ነገር አነሳ። ለሳንባ ምች የታዘዘላቸውን ቤተሰቡ ኩላሊታቸው ደካማ ነው ብሎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በግማሽ ሰጣቸው። ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ ሆስፒታል ተኙ። 3ኛው ከዚህ በኋላ ብዙ አልተናገረም፤ እኛ ቤት እስካሁን ምንም አልሆነም ብቻ ብሎ ወጣ።

ከዚያ እንደተለመደው ወሬው ሸሸ። 14ኛው ጡረተኛ አባት ናቸው፤ ጥያቄውን ስለ ጉልበት ሕመም መስሏቸው ነው የገቡት። እኔ ዳይክሎፌናክ መርፌ እወጋለሁ፣ እንደ ወጣት እሄዳለሁ፣ ለእናትሽም ሞክሪላቸው አሉ። 15ኛዋ ተልባ ትጠጣ አለች። 16ኛው ውሃ በብዛት ይጠጡ፣ ኩላሊት ይታጠባል አለ። ውሃ የደረቀ ሰውን ይጠቅማል፣ የሟሸሸ ማጣሪያን ግን አያድስም፤ ይሄን ማንም ሳይመልስለት አለፈ።

የጡረተኛው አባት ስሕተት ግን ነገሩን ገለበጠው። 17ኛ ላይ ጠያቂዋ ተመልሳ፣ እማዬም እኮ ለጉልበቷ ይሄንኑ መርፌ ትወጋለች አለች። ጎረቤት ያለች ነርስ ነች የምትወጋቸው፣ ከሦስት ሳምንት ወዲህ። የክሬቲኒን ምርመራውስ መቼ ነበር? ሁለት ወር ሆኖታል።

የሐዋሳው ፋርማሲስት 18ኛ ላይ የጻፈው አጭር ነበር፤ ያሰላሁትን ሁሉ እርሺው አላት። ወደ ማጣሪያው ደም የሚያስገባውን ቧንቧ ዳይክሎፌናክ ያጠበዋል። ደም የሚወጣበትን ኢናላፕሪል ያሰፋዋል። የሚያሸናው መድኃኒት ደግሞ ፈሳሹን ይቀንሳል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ማጣሪያው ላይ ግፊት ይጠፋል፤ በተለይ በአረጋዊ ላይ። ስለዚህ የሁለት ወሩ 1.1 ዛሬ የለም። መርፌው ይቁም፣ ዛሬውኑ ደም ይሰጡ፣ ሐኪሙም የመርፌውን ነገር ይስማ አላት። አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመረ፤ ክሬቲኒኑ ገና እየወጣ ከሆነ የትኛውም ቀመር ከእውነተኛው የተሻለ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ቀመሮቹ የሚሠሩት ለረጋ ቁጥር ነው።

19ኛው ነርሷ ላይ ወረደባት። 20ኛው ነርስ ነኝ ብሎ አጸፋውን መለሰ፤ ሰው ራሱ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ይዞ ሲመጣ እኛ ምን እናድርግ አለ። ከዚያ በኋላ ሦስት መልስ ያህል ስድብ ነበር፣ አወያዩ አጠፋው። ጥሩ አደረገ፤ ግን የነርሱ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ አብሮ ጠፋ። ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን መርፌ ማን ይጠይቅ?

24ኛ ላይ ውጤቱ መጣ። ክሬቲኒን 1.5። በአሮጌው ቀመር 22፤ በአዲሱ፣ ወደ እሳቸው ሰውነት ሲመለስ፣ 28። ሁለቱም ከ30 በታች ስለሆኑ የቀመር ጸቡ ለጊዜው ሥራ ፈታ። ፖታሲየማቸውም ታይቷል፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር ግን አላስፈራም። የደሴው ፋርማሲስት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ሦስት ነገር ተስማሙ። ዳይክሎፌናክ ቆመ። የሚያሸናው ለጊዜው ተቋረጠ። ጋባፔንቲኑ ማታ ማታ አንድ 300 ብቻ ሆነ። 1ኛው መልስ ሰጪ ተመልሶ፣ ያው ሐኪሙ ነው የወሰነው፣ አላልኳችሁም አለ። ሜሪላንድ ያለችው፣ ስልኩን ማን ደወለ ብላ ብቻ አለፈችው።

አንድ ሰው ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። ጋባፔንቲን በአንድ ጊዜ አይቆረጥም ይባላል፣ ታዲያ ከ900 ወደ 300 መዝለል አያሰጋም ወይ? የሐዋሳው ፋርማሲስት፣ ወግ እንዳለው አመነ፤ ቢያንስ በአንድ ሳምንት ደረጃ በደረጃ ነው የሚወርደው፣ ሐኪሙም መጀመሪያ የቀኑን፣ ከዚያ የጠዋቱን ነው ያስቀረው። ደግሞም የእሳቸው ኩላሊት ከደም የሚያወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ መጠኑ በአንድ ሌሊት አይወድቅም አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ክሬቲኒናቸው 1.2 ሆነ፤ በቀመሩ 27። እጃቸው መፈናጠር ትቷል፣ ቀን አያንቀላፉም። ግን ከሰዓት በኋላ ጎናቸውን እንደገና ያማቸው ጀመር። አሁን መድረኩ እዚህ ላይ ነው የተጣበቀው። አንዱ አሚትሪፕቲሊን ይሰጣቸው፣ እሱ በጉበት ነው የሚወጣው ብሏል። ስለ ጉበቱ ልክ ነው። ሜሪላንድ ያለችው ግን በ78 ዓመት ሰው ላይ ያፈዛል፣ ሽንት ይይዛል፣ ይጥላል ብላ ተቃወመች፤ ከአንድ መውደቅ ወደ ሌላ መውደቅ መሄድ ነው። የሐዋሳው ሰው በሰንጠረዡ እስከ 700 ስለሚፈቀድ፣ ማታ ለሚወስዱት ላይ 100 ጨምሮ ሳምንት ማየትን ይመርጣል። ችግሩ ጠያቂዋ የምታገኘው የ300ውን እንክብል ብቻ ነው። አንዷ ከፍቶ ዱቄቱን ለሦስት መክፈል ይቻላል አለች። ፋርማሲስቱ በዓይን የተከፈለ ዱቄት አንድ ቀን 60፣ አንድ ቀን 150 ይሆናል ብሎ ከለከለ፤ ፈሳሹ ከተገኘ እሱ ይለካል አለ። የላብራቶሪው ባለሙያ ደግሞ፣ ቁጥሩ 27 ነው የምትሉት እኮ አሁንም በዚያው የ249 ሕመምተኞች ቀመር ነው ብሎ ተመልሷል።